የአበባ መደቤ በመስከረም ቀለሙ ይጣላል፣ በኅዳር ይራቆታል፤ እንዴት ላስማማው?

ሰናይት ዘደሴ | ግንቦት 20

እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ነኝ። ከቤታችን በር አጠገብ በግድግዳው ሥር ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የአበባ መደብ አለን። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ጸሐይ በደንብ ያገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ያጠላበታል። መካከሉ ላይ እናቴ የተከለችው ቀይ ጽጌረዳ አለ፤ እሱ በምንም ዓይነት አይነቀልም።

ባለፈው ክረምት «ቅልቅል» የሚል የዘር ፓኬት ገዝቼ ዘራሁ። መስከረም ሲጠባ ሮዝ ኮስሞስ፣ ብርቱካናማ ማሪጎልድ፣ የእናቴ ቀይ ጽጌረዳና ራሱን ዘርቶ የበቀለው አደይ አበባ አንድ ላይ ፈነዱ። እያንዳንዱን ለብቻው ሳየው ደስ ይለኛል፤ አንድ ላይ ስመለከታቸው ግን ዐይኔ የሚያርፍበት አጣሁ። ይህም ሳይበቃ ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ኮስሞሱና ማሪጎልዱ ጠቆሩ። ከዚያ እስከ መጋቢት ድረስ የቀረን ባዶ አፈርና ጽጌረዳው ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ከመዝራቴ በፊት ማሰብ እፈልጋለሁ። የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ይሄዳል? መደቡስ ዓመቱን ሙሉ ሳይራቆት እንዲቆይ ምን ልትከል?

---

የሐይቅ ልጅ | ግንቦት 20

ሰናይት፣ ይህ ቀላል ነው። የቀለም ክብ የሚባለውን ተመልከቺ፤ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ቀለሞች ይስማማሉ። ቢጫ ከሐምራዊ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ ጋር ትከዪ። የሚጣሉ ሁለት ቀለሞች ካጋጠሙሽ ደግሞ በመካከላቸው ነጭ አበባ አድርጊ፤ ነጭ ሁሉን ያስታርቃል። የማበቢያው ወር ፓኬቱ ላይ ስለሚጻፍ እሱን ተከትለሽ ብትዘሪ ወሩ አይዛነፍብሽም።

---

ኖራና ብሩሽ | ግንቦት 21

እህቴ፣ ቀለም መቀባት ሥራዬ ነው። ከመደብ ጀርባ ላለ ግድግዳ የዘይት ቀለም አልመክርሽም፤ ከታች እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ክረምት ይላላጣል። ኖራ ይሻላል። ስትቀቢ ግን የሚንጠባጠበው ኖራ ወደ ተክሉ ሥር እንዳይገባ አፈሩን በላስቲክ ሸፍኚው። አንድ ደንበኛዬ ሳይሸፍኑ አስቀብተው ጽጌረዳቸው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖባቸው ነበር። አሁን ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም ነው?

---

ሰናይት ዘደሴ | ግንቦት 21

ወንድሜ አመሰግናለሁ፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ አበቦቹ ቀለም ነበር። ግድግዳው የጡብ ቀለም ነው፤ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ።

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 21

ሰናይት ልጄ፣ ኖራና ብሩሽ ሳያስበው ትልቁን ነገር አወጣልሽ። አንቺ አራት አበባ ቆጠርሽ እንጂ አምስተኛውን ቀለም አልቆጠርሽውም። ግድግዳው 13ቱንም ወር «ያብባል»። እኔ ብዙ ዘመን ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሰዎች ችግኝ ሊገዙ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ከኋላው ምን እንዳለ ነበር።

መልሱ ረዘም ስለሚል ዛሬ ጀምሬ ነገ እቀጥላለሁ። ለአሁኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ጽጌረዳው አሁን አበባ ካለው አንዱን ቀንጥሰሽ በጠዋት ብርሃን፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ ከአንድ የበሰለ ቲማቲም አጠገብ አስቀምጪው። ቀይ ሁሉ አንድ ቀይ አይደለም። ከቲማቲሙ ጋር አንድ ቤተሰብ መስሎ ከታየሽ ወደ ብርቱካናማ ያደላል ማለት ነው። ቲማቲሙ አጠገብ ሲሆን የወይን ጠጅ ወይም የቀይ ሥር ቀለም ዘልቆ ከታየሽ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ያደላል። የመደብሽን ዓመት የሚወስነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጽጌረዳው አይነቀልም ብለሻል፣ ደግሞም ከሁሉም ይልቅ ብዙ ወር የሚያብበው እሱ ነው።

---

ሰናይት ዘደሴ | ግንቦት 22

እትዬ፣ አድርጌ አየሁት። ልክ እንደ ቀይ ሥር ነው። ለብቻው ሳየው ንጹሕ ቀይ ይመስለኝ ነበር፤ ከቲማቲሙ ጋር ሳስቀምጠው ወደ ሐምራዊ ማድላቱ በጣም ገረመኝ።

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 22

እንግዲህ ያለፈው ዓመት ጠብ ከየት እንደመጣ ይኸው። በመደብሽ ሁለት ወገኖች ነበሩ። ጽጌረዳውና ሮዙ ኮስሞስ ወደ ሐምራዊ ያደላሉ፤ ማሪጎልዱ፣ አደዩና ግድግዳው ወደ ብርቱካናማ ያደላሉ። የአንዱ ወገን ቀለሞች እርስ በርሳቸው ይዋደዳሉ። ሁለቱ ወገኖች በእኩል ድምቀትና በእኩል ብዛት ሲፋጠጡ ግን ዐይን ማንን እንደሚከተል ያጣል። አንቺ ያልሽውም ይህንኑ ነው።

ለሐይቅ ልጅ፦ የቀለም ክቡ ውሸት አይደለም፣ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ። ቢጫና ሐምራዊ የሚስማሙት አንዱ በዝቶ ሌላው ሲያንስ፣ ወይም አንዱ ፈዘዝ ሲል ነው። እኩል ሲሆኑ ይፎካከራሉ። ነጭን በተመለከተ ልከራከርህ ነው። ንጹሕ ነጭ በሁለት ደማቅ ቀለሞች መካከል ሲገባ ሁለቱንም የበለጠ ያደምቃቸዋል፤ በጥበብ ላይ ነጩ ሸማ ጥለቱን እንደሚያጎላው ማለት ነው። ስለዚህ ጠቡን ያጎላዋል እንጂ አያስታርቅም። የሚያስታርቀው ግራጫ ቅጠል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አያስፈልገንም። አሪቲ አለን። ቅጠሉ ብር የመሰለ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይራገፍ፣ በጋውን የሚችል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከቆረጥሽው ከጉልበት አያልፍም፣ የቆረጥሽው ደግሞ ለቤት ይሆንሻል።

የፓኬቱ ነገር ከሁሉም ይብሳል። ከአውሮፓ የመጣ ፓኬት ላይ የሚጻፈው ወር ለእነርሱ ነው፤ በእነርሱ በጋ ቀኑ እስከ 16 ሰዓት ይረዝማል። እኛ ጋ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ለኮስሞስና ለመሰሎቹ የማበቢያ ምልክት የሚሆነው የቀኑ ማጠር ነው፤ የእኛ ቀን ሁልጊዜም አጭር ስለሆነ ከተዘሩበት ቀን ጀምረው ጊዜያቸውን ቆጥረው ያብባሉ። ስለዚህ ወሩን ተዪውና ሳምንት ቁጠሪ። ኮስሞስ በደሴ ብርድ ከተዘራ ከ11 ሳምንት ገደማ በኋላ የመጀመሪያውን አበባ ያሳየናል። ቆላ ከሆነ ይፈጥናል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የማበቢያውን ጊዜ አብዛኛውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አንድን ቀለም ከመንቀል ይልቅ በሌላ ወር እንዲመጣ ማድረግ ትችያለሽ።

---

ሰይድ ኮምቦልቻ | ግንቦት 23

እትዬ ያሉት ነገር የእኔን ችግር ስለነካው ልግባበት። የእኔ አጥር ከዳር እስከ ዳር ቡጌንቪላ ነው፤ ደማቅ ሮዝ። ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ያብባል። እኔ ደግሞ ብርቱካናማ ማሪጎልድ እወዳለሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ እዘራና ኅዳር ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ባለቤቴ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ትለኛለች። ቡጌንቪላውን መቁረጥ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 23

ሰይድ፣ ሁለቱንም አትተው። ቡጌንቪላ ውሃ ሲጠማ ነው በደንብ የሚያብበው፤ በክረምት ውሃ ሲጠግብ ቅጠል ያበዛል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም አጥርህ አረንጓዴ ነው። ማሪጎልዱን ያኔ አምጣው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ በመጠለያ ሥር በችግኝ መልክ አፍላው፤ በአንተ ሙቀት ሐምሌ ላይ አበባ ታያለህ። ዘንድሮ ትንሽ ዘግይተሃል፣ ቢሆንም አሁን ብትዘራ ለነሐሴ ይደርሳል። ጥቅምት ላይ ቡጌንቪላው መቅላት ሲጀምር ማሪጎልዱ አርጅቷል፤ ንቀለውና በቦታው ነጭና ግራጫ አድርግ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መደብ አለኝ ብለህ አስብ።

---

ሰይድ ኮምቦልቻ | ግንቦት 23

አላህ ይስጥልኝ እትዬ። ዘሩ ቤት አለ፤ ነገ እዘራለሁ።

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 24

ወደ ሰናይት ልመለስ። ከደብተርሽ አንድ ገጽ አግድሚና ከላይ በኩል ወሮቹን ከሰኔ ጀምረሽ ጻፊ። በግራ በኩል ወደታች ተክሎቹን ጻፊ፤ ከሁሉ በላይ ግድግዳውን፣ ከሱ ሥር ጽጌረዳውን፣ ከዚያ የቀሩትን። እያንዳንዱ በሚያብብባቸው ወሮች ላይ በራሱ ቀለም እርሳስ መስመር አስምሪ። ሰው የሚሳሳተው መስመሩን ወደ ጎን ሲያነበው ነው። አንቺ ግን ወረቀቱን በሌላ ባዶ ወረቀት ሸፍነሽ አንድ ወር ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ተዪ፤ ከላይ ወደታች ተመልከቺ። በዚያች ቀዳዳ የሚታዩት ቀለሞች ብቻ ናቸው መስማማት ያለባቸው። የመስከረሙ ከጥር ወሩ ጋር ቢጣላ ምንም አይደለም፤ አይገናኙማ።

ያንቺን ገጽ እንደማስበው እንዲህ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ደሴ ጉም ውስጥ ናት። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ቀይ ይጠቁራል፤ ከመንገድ ዳር ስታይው ጉድጓድ ይመስላል። ነጭና ፈዛዛ ቀለም ግን ይፈካል። ስለዚህ ለክረምቱ ደማቅ አትፈልጊ። ግድግዳው ከሚያጠላበት ጫፍ ላይ ሁለት ሥር እንሶስላ ትከዪ። ሰው እንሶስላን ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ ብቻ ነው የሚያስበው፤ አበባው ግን ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ነው፣ ያ ሐምራዊ ደግሞ ከጽጌረዳሽ ጋር አንድ ወገን ነው። ከቁመትሽ ሊስተካከል ስለሚችል ከኋላ ይሁን። በበጋ ይደርቅና ሥሩ ከአፈር በታች ይተኛል፤ የሞተ መስሎሽ እንዳትነቅይው።

በመስከረም አደይ ይመጣል። አደይን ከወሎ መስከረም ላይ ማውጣት አይቻልም፣ እኔም አልመክርም፤ መስኩና ተራራው ሁሉ ቢጫ ሲሆን የአንቺ መደብ ብቻ ሮዝ ቢሆን ከአካባቢው ጋር ይጣላል። ስለዚህ የመስከረሙ መሪ አደይ ይሁንና ሌሎቹ ይከተሉት። ከጽጌረዳው ቢያንስ 1 ሜትር ከግማሽ አርቂው፤ በግራ ጫፍ በኩል ይሁን። በመካከላቸው ሦስት አሪቲ። ከአደዩ አጠገብ ነጭ ኮስሞስና ጥቂት በሶብላ። የበሶብላው ሐምራዊ ዘለላ ከቢጫው በጣም ስለሚያንስ፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ይስማማዋል። ኮስሞሱን ሰኔ 15 ገደማ በቀጥታ መሬቱ ላይ ዝሪው፤ 11 ሳምንት ቁጠሪ፣ ልክ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ያደርስሻል። ፍግ አታብዢለት። ፍግ የጠገበ ኮስሞስ ቁመትና ቅጠል ያወጣና አበባውን ያዘገያል፣ በነሐሴ ዝናብም ይጋደማል።

ጽጌረዳው በመስከረም ከአደይ ጋር እኩል እንዳይፈነዳ ደግሞ ነሐሴ 25 አካባቢ ግረዢው። ከተገረዘ ከ8 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው አዲስ አበባ የሚያወጣው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አደዩ ሲረግፍ ጽጌረዳው ቦታውን ይረከባል።

ከኅዳር በኋላ የሚሆነውን ነገ እጽፋለሁ፤ ዐይኔ ደክሟል።

---

መምህር ዘወልድያ | ግንቦት 24

እትዬ፣ በሌላው ሁሉ እስማማለሁ፣ በነሐሴ መግረዝ ላይ ግን አልስማማም። በነሐሴ የማያቋርጥ ዝናብ አለ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቁስሉ ሳይደርቅ ሻጋታ ይገባበትና ከላይ ወደታች እየጠቆረ ይወርዳል። በእኔ ግቢ ሁለት ጽጌረዳ በዚህ ምክንያት ሞቶብኛል። ለቀለም ስምምነት ብሎ ተክሉን ማጣት አያዋጣም። እኔ ብሆን አልገርዝም፤ ጳጉሜን ላይ የሚወጡትን እምቡጦች ብቻ በጣት እቀነጥሳለሁ። ያው አበባው ይዘገያል፣ ትልቅ ቁስልም የለም።

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 25

መምህር፣ ስጋቱ እውነት ነው። እምቡጥ መቀንጠስ ግን የሚያዘገየው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው፤ አደይ ገና በሜዳው ላይ እያለ ጽጌረዳው ይመለሳል። እኔ ነሐሴ ላይ ስገርዝ ዝናብ ያቆመበትን ጠዋት እመርጣለሁ፣ መቀሱን በእሳት አስነካዋለሁ፣ ከዐይኑ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትቼ ውሃው እንዲወርድ በሰያፍ እቆርጣለሁ። ብዙዎቹ ድነውልኛል። ሁሉም ድነዋል ግን አልልም።

---

መምህር ዘወልድያ | ግንቦት 25

እንግዲያው ግማሹን ግንድ ብቻ ብትገርዝስ? ቢታመም ግማሹ ይተርፋል። ሰናይት ትወስን።

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 25

የበጋው ነገር አጭር ነው። ኮስሞስ፣ ማሪጎልድና ዚኒያ ውርጭ አይችሉም። አንድ ሌሊት ከነካቸው ጠዋት ላይ እንደተቀቀለ ጎመን ይሆናሉ፤ ከዚያ አይመለሱም። ስለዚህ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር አበባሽ ብርድ የሚችል ይሁን። ሐምራዊና ፈዛዛ ቢጫ ፓንሲ፣ እግሩ ሥር ነጭ አሊሱም። ፓንሲው ዝግ ይላል፤ ከዘር እስከ አበባ 3 ወር ስለሚወስድ ነሐሴ መግቢያ ላይ በመጠለያ ሥር መዘራት አለበት። ካሌንዱላም ብርድ ይችላል፣ ነገር ግን ብርቱካናማው ከጽጌረዳሽ ጋር ይጣላል፤ የሎሚ ቢጫ የሆነውን ካላገኘሽ ተዪው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ፈዛዛ ቀለም እኩለ ቀን ላይ የነጣ ይመስላል፤ ያኔ ጥልቁን ሐምራዊ አብዢ።

ለበልጉ አሁን ምንም አልመድብልሽም። የበልግ ዝናብ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። የቧንቧ ውሃችሁን ሁኔታ አይተሽ ጥር ላይ እንነጋገር።

---

የሐይቅ ልጅ | ግንቦት 26

እትዬ፣ ስለ ነጩ አሳመኑኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ነጭ ኮስሞስ ብቻ ያለበት ፓኬት እዚህ አካባቢ አላየሁም፣ ሁሉም ቅልቅል ነው። ታዲያ ነጩን እንዴት ትለያለች?

---

የጦሳ ግርጌ | ግንቦት 26

ጎሽ፣ ይህ ዋናው ነው። ቅልቅል ፓኬት ዕቅድን የሚያፈርስ ነገር ነው። ነገር ግን ችግኙ ገና አራት ቅጠል ሳለ ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ተመልከቱ። ቀለም ያለው አበባ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ግንዱ ላይ ቀላ ያለ ጥላ አለው፤ ነጩ ግንዱ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ፈዛዛ ሮዙ ያደናግራል፣ ምክንያቱም ቅላቱ ጥቂት ነው። የምትፈልጉትን እጥፍ ዝሩና የቀላውን ንቀሉ። ዘር ከራሳችሁ መደብ ስታስቀሩ ደግሞ ሮዝ ኮስሞስ በአቅራቢያው ካለ ንብ ያዳቅለዋል፤ ከነጩ የለቀማችሁት ዘር በሚቀጥለው ዓመት ሮዝ ይዞ ይመጣል።

---

ኖራና ብሩሽ | ግንቦት 26

የግድግዳው ነገር ሳይወሰን ቀረ እኮ። ጽጌረዳው ሐምራዊ ወገን ከሆነ፣ ግድግዳው ብርቱካናማ ወገን ከሆነ፣ አበባውን ሁሉ አስማምታችሁ ከኋላ ያለው እንደተጣላ ሊቀር ነው? ሰናይት፣ ለ4 ሜትር ግድግዳ ብዙ ኖራ አይፈልግም። ጥቂት ጥቁር ቀለም ጠብ አድርገሽበት ወደ ግራጫ አድርጊው።

---

ሰናይት ዘደሴ | ግንቦት 27

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግድግዳው ላይ አባቴን አስፈቅጃለሁ፤ ዝናቡ ሳይጠና አፈሩን በላስቲክ ሸፍኜ በግራጫ ኖራ እቀባዋለሁ። ጽጌረዳውን መግረዝ ግን ከእናቴ ጋር መነጋገር ይፈልጋል።

---

ሰናይት ዘደሴ | ጥቅምት 28

ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግድግዳው ነው። አንድም አበባ ሳይኖር፣ ሰኔ ላይ፣ ገና ግራጫ ኖራው እንደደረቀ የጽጌረዳው ቀይ ከበፊቱ የተለየ ሆኖ ታየኝ። እናቴ «አዲስ ጽጌረዳ ተከልሽ?» አለችኝ።

ኮስሞሱን ሰኔ 17 ዘራሁ። ከበቀሉት 14 ችግኞች አምስቱ ግንዳቸው ቀይ ስለነበር ነቀልኋቸው። የመጀመሪያው አበባ መስከረም 2 ፈነዳ፤ በ80 ቀን ማለት ነው፣ እትዬ ካሉት በሦስት ቀን ብቻ ዘግይቶ። ከዘጠኙ ስምንቱ ነጭ ሆኑ። አንዱ፣ ግንዱን ሳየው ተጠራጥሬ የተውሁት፣ ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ወጣ፤ እሱም ከበሶብላው አጠገብ ስለነበር አልነቀልሁትም። ሐምሌ ላይ ከሜዳ ከነአፈሩ አንሥቼ ያመጣኋቸው አደዮች ሁሉም ያዙ። እንሶስላውም በጉሙ ውስጥ እንደተባለው ነበር፤ ነሐሴ ላይ ከመንገዱ ማዶ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

ያልተሳካው ፓንሲው ነው። ከዘራሁት አብዛኛው በበቀለ በሳምንቱ ግንዱ ከአፈሩ ላይ ቀጥኖ ወደቀ። አራት ብቻ ተረፉ፣ አሁን እምቡጥ ይዘዋል። አራት ፓንሲ ለ4 ሜትር መደብ ምንም አይደለም።

ጽጌረዳውን በተመለከተ እናቴ መጀመሪያ ፈጽሞ አልፈቀደችም። «እንቁጣጣሽን ያለ ጽጌረዳ?» አለች። በመጨረሻ መምህር ባሉት ተስማማን፤ ነሐሴ 24 በአደዩ በኩል ያለውን ግማሹን ብቻ ገረዝሁ። ያልተገረዘው ለእንቁጣጣሽ አበበላት፣ ከአደዩም ራቅ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አልተጋፋውም። የተገረዘው ጥቅምት 22 የመጀመሪያውን አበባ አወጣ፤ 9 ሳምንት ወሰደበት። አደዩ ያኔ ረግፎ ነበር። ከተገረዙት ስድስት ቅርንጫፎች ግን አንዱ ከላይ ጠቁሮ እየወረደ ነው፤ አሁን አንድ ጣት ያህል ደርሷል። ምን ላድርገው?

---

መምህር ዘወልድያ | ጥቅምት 28

እህቴ፣ የፈራሁት ይህ ነበር። ከጠቆረው በታች፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ዝቅ አድርገሽ ቁረጪው። አሁን ደረቅ ስለሆነ ቁስሉ ይድናል። የቆረጥሽውን አቃጥይው፣ መደቡ ላይ አትጣይው። በሚቀጥለው ዓመት መግረዙን እንድትተዪው አሁንም እመክራለሁ።

---

የጦሳ ግርጌ | ጥቅምት 29

ቁረጪው፣ መምህር ልክ ናቸው። በመግረዙ ላይ ግን ከስድስት አምስቱ ድነዋል፤ እኔ ሐሳቤን አልቀየርሁም። እንደ እናትሽ ፍላጎት ግማሽ ግማሹን ማድረጉ ይበልጥ ያማረ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ራሴ አላሰብሁትም ነበር።

ፓንሲው የወደቀው ውሃ በዝቶበት ነው፤ በክረምት መጠለያ ሥር አየሩ ስለሚታፈን የችግኙ ግንድ ከአፈሩ ላይ ይበሰብሳል። በሚመጣው ዓመት አሸዋ ቀላቅለሽ፣ ዘሩን አራርቀሽ፣ ጠዋት ብቻ አጠጪ። ለዘንድሮው አራቱን ፓንሲ በመደቡ ርዝመት አትበትኛቸው። ከጽጌረዳው እግር ሥር አንድ ላይ ሰብስበሽ ትከያቸውና የቀረውን ቦታ አሪቲው ይያዘው። ከአሪቲው ጤናማ ቅርንጫፎች በጣት ርዝመት ቆርጠሽ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ፣ አሁን ብትተክዪ ውሃ እስካልከለከልሻቸው ድረስ ሥር ይሰዳሉ።

---

ሰይድ ኮምቦልቻ | ጥቅምት 29

እኔም ልንገራችሁ። ማሪጎልዱ ነሐሴ 6 አበበ፣ አጥሩ አረንጓዴ ነበር። ባለፈው ሳምንት ነቀልሁት። ባለቤቴ አሁን በቦታው ጤና አዳም ትከልበት ትላለች፤ ቅጠሉ ግራጫ ነው ብላ። አበባው ግን ቢጫ ነው። ከቡጌንቪላው ጋር ይጣላል እትዬ?

---

የጦሳ ግርጌ | ጥቅምት 30

የጤና አዳም ቢጫ ትንሽና አረንጓዴ ያለበት ነው፤ ከሩቅ አይታይም። ይተከል። ካስቸገረህ አበባው ሳይፈነዳ ጫፉን ለቡና ቅጠፉት።